የሂፖካምፐስና የአሚግዳላ ግኝቶች በፒቲኤስዲ ክለሳ ድርሳናት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒቲኤስዲን፣ ማለትም አሰቃቂ ነገር ከደረሰ በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ሕመም፣ ጎንደር ውስጥ በጦርነት በተፈናቀሉ ሰዎች ላይ የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ረቂቃቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂፖካምፐስና አሚግዳላ ሥራቸው ምንድን ነው? ለምንስ ሁልጊዜ አብረው ይነሣሉ?

ሁለቱም በአንጎል የጎን ክፍል ውስጥ፣ በግራም በቀኝም የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አሚግዳላ ከፊት፣ ሂፖካምፐስ ደግሞ ከኋላው ተዘርግቶ ይገኛል። ሥራቸውን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ከደባርቅ አካባቢ ተፈናቅላ ጎንደር የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። በሐምሌ ሌሊት በረዶ የቆርቆሮውን ጣራ መደብደብ ሲጀምር ልጆቿን አቅፋ ወደ ማዕዘን ትሸሻለች። ድምፁን ከአደጋ ጋር አያይዞ ልቧን የሚያስመታው፣ እጇን የሚያልበው በዋናነት አሚግዳላ ነው። «ይህ ጎንደር ነው፣ ክረምት ነው፣ የሚወርደውም በረዶ ነው» ብሎ ድምፁን ከቦታውና ከጊዜው ጋር ማገናኘት ደግሞ ሂፖካምፐስ ትልቅ ድርሻ ያለው ሥራ ነው።

ይህ ክፍፍል በሰው ላይ ጎልቶ የታየው ቤቻራና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት ጥናት ነው። ተጠኚዎቹ ባለ ቀለም ምስሎች ያያሉ፤ ከአንዱ ቀለም በኋላ የሚያስደነግጥ የጀልባ ጡሩምባ ይሰማል። የሁለቱም ወገን አሚግዳላዋ የተጎዳ ታካሚ ጡሩምባው ከየትኛው ቀለም በኋላ እንደሚመጣ በትክክል ተናገረች፣ ቆዳዋ ግን ቀለሙን ስታይ የድንጋጤ ላብ አላሳየም። ሂፖካምፐሱ የተጎዳው ታካሚ በተቃራኒው ሰውነቱ ደነገጠ፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። የፒቲኤስዲ ጽሑፎች ሁለቱን አብረው የሚያነሡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሕመሙ ገጽታ ራሱ ያልተገታ ድንጋጤና ዐውዱን ያጣ ትዝታ ይመስላልና። ገለጻው ለማስተማር ይመቻል፤ በክለሳ ድርሳናት ውስጥ ግን መነሻ መላምት ሆኖ ይቅረብ እንጂ የተረጋገጠ ግኝት ሆኖ አይቅረብ።

«በፒቲኤስዲ ሂፖካምፐስ ያንሳል» የሚለው ከየት መጣ?

መነሻው ብሬምነርና ባልደረቦቹ በ1995 ያወጡት የኤም አር አይ ጥናት ነው። ፒቲኤስዲ ያለባቸውን 26 የቬትናም ጦርነት ዘማቾች ከ22 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው፣ የዘማቾቹ የቀኝ ሂፖካምፐስ በ8 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በቀጣዩ ዓመት ጉርቪትስና ባልደረቦቿ ፒቲኤስዲ ያለባቸው 7 ዘማቾች ላይ ባደረጉት ጥናት ልዩነቱ በግራ 26፣ በቀኝ 22 በመቶ ደረሰ። በ1997 ደግሞ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በግራው ሂፖካምፐስ ላይ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት አሳዩ።

እነዚህን ጥናቶች በታሪካዊ ቦታቸው መጥቀስ ተገቢ ነው። ችግሩ ብዙ ረቂቆች እዚሁ ላይ መቆማቸው ነው፤ አንባቢው ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሥራ እንደተሠራ አያውቅም።

8 በመቶ፣ 26 በመቶ፣ ሌላም ቁጥር አገኛለሁ። የትኛውን ልጥቀስ?

አንድ ቁጥር መጥቀስ ካለብዎት ትልቁን የጋራ ጥናት ይውሰዱ። ሎግና ባልደረቦቹ በ2018 ያወጡት የኢኒግማ ጥምረት ጥናት የ1868 ሰዎችን የአንጎል ምስል በአንድ ዓይነት ዘዴ ተንትኗል፤ ከእነዚህ ውስጥ 794ቱ ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። ሂፖካምፐስ በታማሚዎቹ ዘንድ በእርግጥ አንሷል፤ ልዩነቱ ግን በኮኸን ዲ ሲለካ 0.17 ብቻ ነው። የኮኸን ዲ ልኬት የሁለት ቡድኖችን አማካይ ልዩነት ከሰዎቹ ተፈጥሯዊ መለያየት አንጻር የሚገልጽ ሲሆን፣ 0.2 በተለምዶ «አነስተኛ» ይባላል። ስለዚህ ግኝቱ እውነተኛም ትንሽም ነው፤ ሁለቱም ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የገዘፉት በማጭበርበር አይደለም። በሰባት ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ለኅትመት የሚበቃ ልዩነት ሊያሳይ የሚችለው ልዩነቱ በአጋጣሚ ገዝፎ ከታየ ብቻ ነው፤ ትንሽ ልዩነት ያገኙት ትናንሽ ጥናቶች ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። በዚህ ላይ የዘማቾቹ የአልኮል አጠቃቀምና ድብርት ይጨመራል፤ ሁለቱም በራሳቸው ከሂፖካምፐስ ማነስ ጋር ይያያዛሉ። አንድን ጥናት ከመጥቀስዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የሂፖካምፐሱ መጠን ከራስ ቅል ስፋት አንጻር ታርሟል ወይ? ማነጻጸሪያዎቹስ አሰቃቂ ነገር ደርሶባቸው ያልታመሙ ናቸው ወይስ ምንም ያልደረሰባቸው? ሁለተኛው ጥያቄ ከታች እንደምናየው የውጤቱን ትርጉም ይለውጣል።

ታዲያ ሂፖካምፐሱን ያሳነሰው የደረሰባቸው መከራ ነው ማለት እችላለሁ?

በዚህ መልክ አይጻፍም፤ በረቂቆች ውስጥ በብዛት የማርመውም ይህንን ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ ከእንስሳት ጥናት የመጣ ነው። በ1992 ዋታናቤ፣ ጉልድና ማክዩን አይጦችን በቀን ለ6 ሰዓት፣ ለ21 ቀናት እንዳይንቀሳቀሱ አድርገው ሲያስጨንቁ፣ በሂፖካምፐስ ውስጥ ሲኤ3 በሚባለው ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎች ቅርንጫፎች አጠሩ። ማብራሪያው በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ሆርሞን፣ በአይጥ ኮርቲኮስቴሮን በሰው ኮርቲሶል የሚባለው፣ ሲበዛና ሲቆይ እነዚህን ሴሎች ይጎዳል የሚል ነው።

ወደ ሰው ሲመጣ ግን ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛ፣ የአይጦቹ ሴሎች ጭንቀቱ ሲቆም ቅርንጫፎቻቸውን መልሰው ያበቅላሉ፤ ከጦርነቱ ሃያ ዓመት በኋላ በተለካ ዘማች ላይ የሚታየውን ማነስ ይህ ብቻውን አያስረዳም። ሁለተኛ፣ ፒቲኤስዲ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ኮርቲሶል ከፍ ብሎ መገኘት ሲገባው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በርካታ ጥናቶች ተራ ወይም ዝቅ ያለ መጠን አግኝተዋል። የሆርሞን መብዛት አንጎልን ጎዳ የሚል ጸሐፊ ሆርሞኑ ለምን እንዳልበዛ መልስ ሊኖረው ይገባል። ረቂቅ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህ ጥያቄ መነሣቱን ነው።

የመንትዮቹ ጥናት ሁልጊዜ ይጠቀሳል። በትክክል ምን አደረጉ?

የጊልበርትሰንና የባልደረቦቹ የ2002 ጥናት ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም «ማን ቀደመ?» ለሚለው ጥያቄ ተብሎ የተነደፈ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ 40 ጥንድ ወንድማማቾች ተመረጡ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ቬትናም ዘምቶ ሲዋጋ ሌላኛው ለጦርነት አልተጋለጠም። ከዘማቾቹ 17ቱ ፒቲኤስዲ ነበረባቸው፣ 23ቱ አልነበረባቸውም። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አራት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ የታመመ ዘማች፣ የእሱ ያልዘመተ ወንድም፣ ያልታመመ ዘማች፣ የእሱ ያልዘመተ ወንድም።

ንድፉ ያሰበው ቀላል ነገር ነው። ሂፖካምፐስን ያሳነሰው ጦርነቱ ወይም ሕመሙ ከሆነ፣ የታመመው ዘማች ከገዛ ወንድሙ ያነሰ ሂፖካምፐስ ይኖረዋል፤ ወንድሙ ጥይት አልጮኸበትምና። ማነሱ አስቀድሞ የነበረ ከሆነ ግን ወንድማማቾቹ ሁለቱም ትንሽ ይኖራቸዋል። የተገኘው ሁለተኛው ነው። ከባድ ፒቲኤስዲ ያለባቸው ዘማቾችም፣ ቤት የቀሩት ወንድሞቻቸውም፣ ካልታመሙት ዘማቾችና ከእነዚያ ወንድሞች ያነሰ ሂፖካምፐስ ነበራቸው። እንዲያውም ያልዘመተው ወንድም ሂፖካምፐስ ባነሰ ቁጥር የዘማቹ ሕመም ይበረታ ነበር፤ የአንዱን ሰው አንጎል ለክቶ የሌላውን ሰው የሕመም ክብደት መገመት እንደ ማለት ነው።

ሲጠቅሱት ግን ሦስት ገደቦችን አይዝለሉ። ግልጽ የሆነው የቡድን ልዩነት የታየው ሕመማቸው በበረታው ጥንዶች ላይ ነው፤ ተጠኚዎቹ በሙሉ ወንዶች ናቸው፤ ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ መንትዮች የሚጋሩት ዘር ብቻ አለመሆኑ ነው። የልጅነት ቤታቸውን፣ ምግባቸውን፣ ያደጉበትን አባትም ይጋራሉ። ስለዚህ «ቀድሞ የነበረ ነው» ማለት ይቻላል፣ «በዘር የወረደ ነው» ማለት ግን ከጥናቱ አልፎ መሄድ ነው።

እንግዲያው ጉዳዩ ተቋጭቷል? ትንሹ ሂፖካምፐስ ተጋላጭነት ነው ብዬ ልደምድም?

አልተቋጨም። ተጋላጭነትን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ አለ፦ ቦንና ባልደረቦቹ በ2001 ከአደጋ የተረፉ 37 ሰዎችን በመጀመሪያው ሳምንትና ከስድስት ወር በኋላ ሲለኩ፣ ፒቲኤስዲ የያዛቸው 10 ሰዎች ሂፖካምፐስ ከሌሎቹ አልተለየም፣ በስድስቱ ወርም አልቀነሰም። ቢያንስ ማነሱ በወራት ውስጥ የሚመጣ ነገር አይመስልም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ሌላ ጎንም አለው፤ መንትዮቹ እንዳሳዩት ቀድሞ የነበረ ማነስም በዚህ ጥናት አልታየም። በዐሥር ሰው ላይ አነስተኛ ልዩነትን ማየት ከባድ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ብዙ ክብደት አይሸከምም።

በሌላ በኩል ዉንና ባልደረቦቹ በ2010 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲተነትኑ፣ አሰቃቂ ነገር ደርሶባቸው ያልታመሙ ሰዎችም ምንም ካልደረሰባቸው ሰዎች ያነሰ ሂፖካምፐስ እንዳላቸው አገኙ። ማነጻጸሪያው ማን እንደሆነ ይታይ ያልኩት ለዚህ ነው። ማነሱ ከሕመሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመጋለጡ ጋርም ከተያያዘ፣ መከራው የራሱን አሻራ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለመከራ የሚጋለጡ ሰዎች አስቀድሞም የተለየ ኑሮ ነበራቸው ማለት ነው።

በመንትዮች ላይ የሚታይ ሁሉ ቀድሞ የነበረ እንዳይመስልዎ አንድ ነገር ልጨምር። ካሳይና ባልደረቦቹ በ2008 የዘማች መንትዮችን በተመሳሳይ ንድፍ ሲያጠኑ፣ በአንጎል የፊት መሃል ክፍል፣ ሲንጉሌት በሚባለው ቅርፊት ላይ የታየው መሳሳት በታመመው ዘማች ላይ ብቻ ሆኖ በወንድሙ ላይ አልተገኘም። እዚያ ላይ የሚያመለክተው በኋላ የመጣ ለውጥን ነው። አንዱ የአንጎል ክፍል ተጋላጭነትን፣ ሌላው ውጤትን ሊያሳይ ይችላል፤ ክለሳዎ ለሁለቱም ቦታ ይተው።

አሚግዳላስ? ይተልቃል ወይስ ያንሳል?

ከአይጥ ጥናት ብቻ ብንነሣ መተለቅ ነበረበት። ቪያስና ባልደረቦቹ በ2002 እንዳሳዩት፣ የሂፖካምፐስ ሴሎችን ቅርንጫፍ የሚያሳጥረው ያው ጭንቀት የአሚግዳላ ሴሎችን ቅርንጫፍ ያበዛል፤ በ2004 ደግሞ ጭንቀቱ ከቆመ ከ21 ቀን በኋላም የአሚግዳላው መስፋት እንዳልተመለሰ ዘገቡ። ይህ ንጽጽር ማራኪ ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች በቀጥታ ወደ ሰው ያሻግሩታል።

የሰው ልኬት ግን አልተባበረም። ሞሬይና ባልደረቦቹ በ2012 ፒቲኤስዲ ያለባቸውን 99 ዘማቾች ከሌለባቸው 101 ጋር ሲያነጻጽሩ አሚግዳላ በሁለቱም ወገን አንሶ ተገኘ። በትልቁ የ2018 ጥናትም አቅጣጫው ወደ ማነስ ነው፤ ልዩነቱ 0.11 ሲሆን ለብዙ ንጽጽሮች የሚደረገውን እርማት አላለፈም። የሴል ቅርንጫፍ መብዛትና በኤም አር አይ የሚለካ ጠቅላላ መጠን አንድ ነገር አይደሉም፤ አሚግዳላም ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ያሉት አካል በመሆኑ የአንዱ መስፋት በሌላው መጥበብ ሊሸፈን ይችላል። በክለሳው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ በመጠን ረገድ የአሚግዳላ ማስረጃ ከሂፖካምፐሱ የደከመ ነው።

«በፒቲኤስዲ አሚግዳላ ከመጠን በላይ ይነቃል» የሚለውስ?

ይህ በመጠን ሳይሆን በሥራ ላይ ያለ ጥያቄ ነው፤ የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ኤፍ ኤም አር አይ ይጠናል። የተለመደው ጥቅስ ራውችና ባልደረቦቹ በ2000 ያወጡት ጥናት ነው። የፈራ ሰው ፊት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ይልና ወዲያው በተረጋጋ ፊት ይሸፈናል፤ ተመልካቹ የፈራውን ፊት ማየቱን አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ፒቲኤስዲ ያለባቸው 8 ዘማቾች አሚግዳላ ከሌሎቹ 8 ዘማቾች በላይ ነቃ። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ የሰው ቁጥር ግን በጠቅላላው 16 ነው።

ኤትኪንና ዌገር በ2007 ፒቲኤስዲን ከማኅበራዊ ፍርሃትና ከነጠላ ፎቢያ ጋር ጎን ለጎን ሲተነትኑ የአሚግዳላ መንቃት በሦስቱም ታየ፤ ነገር ግን ከፒቲኤስዲ ይልቅ በሁለቱ ሌሎች ሕመሞች ላይ ይበልጥ ወጥ ነበር። ፒቲኤስዲን የለየው ፍርሃትን የሚገታው የፊት መሃል ቅርፊት መድከም ነው። እንግዲህ «የፒቲኤስዲ መለያው የነቃ አሚግዳላ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለዎት ይሰርዙት። በ2013 የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የምርመራ መመሪያም ራስንና አካባቢን እንደ እንግዳ የማየት ዓይነት ያለበትን ፒቲኤስዲ ለይቶ አስቀምጧል፤ በላኒየስና በባልደረቦቿ ሞዴል እነዚህ ታካሚዎች ትዝታቸው ሲነሣ ስሜታቸው ከመፍላት ይልቅ ከልክ በላይ ይታፈናል። የደነዘዘና የሚንቀጠቀጥ ታካሚ አንድ ቡድን ውስጥ ገብተው ሲማከሉ ውጤቱ ቢደበዝዝ አይገርምም።

ስለ መቅደም ከተጠየቁ ደግሞ አድሞንና ባልደረቦቹ በ2009 ያወጡት ጥናት ይጠቅማል። 50 ወጣት የእስራኤል ወታደሮች ለጭንቀት ከመጋለጣቸው በፊትና በኋላ ተለኩ፤ አስቀድሞ አሚግዳላቸው ይበልጥ የነቃባቸው ኋላ ላይ የጭንቀት ምልክታቸው ይበልጥ ጨመረ፣ ከምልክቱ ጋር አብሮ በጊዜ የተለወጠው ግን የሂፖካምፐስ ሥራ ነበር። ወታደሮቹ ምልክት አሳዩ እንጂ ፒቲኤስዲ ተመርምሮ የተገኘባቸው ታማሚዎች አልነበሩም፤ ይህንን ሳይጽፉ ጥናቱን አይጥቀሱት።

አሚግዳላ ለሕመሙ ያስፈልጋል የሚል ቀጥተኛ ማስረጃ አለ?

አለ፣ ከጭንቅላት ቁስለኞች የመጣ። ኮኒግስና ባልደረቦቹ በ2008 ቬትናም ውስጥ ጭንቅላታቸው የቆሰለ ዘማቾችን እንደ ቁስላቸው ቦታ ሲለዩ፣ አሚግዳላቸው ከተጎዳው 15 ሰዎች አንድም ፒቲኤስዲ አልያዘውም። አንጎላቸው ካልተጎዳ ዘማቾች መካከል ግን ግማሽ ያህሉ ይዟቸው ነበር። ያልተጠበቀው ነገር፣ ፍርሃትን ይገታል የሚባለው የታችኛው የፊት መሃል ቅርፊት የተጎዳባቸውም ሕመሙ የያዛቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑ ነው፤ መግቻው ሲበላሽ ሕመሙ መባባስ ነበረበትና። ይህንን ውጤት ከቀዳሚው ጥያቄ መልስ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ ክለሳ ከብዙዎቹ ይሻላል።

የእኔ ጥናት በመጠይቅ ብቻ ነው፤ የአንጎል ምስል የለውም። ይህ ክፍል ምን ያህል ይርዘም? እንዴትስ ይጻፍ?

በተፈናቃይ ጣቢያ በፒሲኤል-5 መጠይቅ የሕመሙን ስርጭት ለሚለካ ጥናት ከአንድ ተኩል ገጽ በላይ አያስፈልገውም። ገጹ ሲረዝም ፈታኙ «ይህንን በየት ለካኸው?» ማለቱ አይቀርም። አደራደሩም በዓመት ቅደም ተከተል ሳይሆን በጥያቄ ቢሆን ይመረጣል፦ ልዩነት አለ ወይ፣ ማን ቀደመ፣ ልዩነቱ ምን ያህል ነው።

ከእውነተኛ ረቂቆች አዋሕጄ የሠራሁት አንድ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ፒቲኤስዲ ሂፖካምፐስን በ8 በመቶ ይቀንሳል፣ አሚግዳላን ያሳብጣል (ብሬምነር፣ 1995)። ስለዚህ ተፈናቃዮቹ የማስታወስ ችግር አለባቸው።» በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስሕተት አለ። «ይቀንሳል» ምክንያትን ያስቀድማል፤ ጥናቱ ግን በአንድ ጊዜ የተለካ ንጽጽር ነው። 8 በመቶው የአንድ ትንሽ ጥናት የቀኝ ወገን ብቻ ነው። አሚግዳላ ማበጡን ጥናቱ አላሳየም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከአሜሪካ ዘማቾች አማካይ ተነሥቶ ስላልተለኩ ሰዎች ይፈርዳል።

ታርሞ ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ፒቲኤስዲ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ሂፖካምፐስ በአማካይ አንሶ እንደሚገኝ በመጀመሪያ በትናንሽ ጥናቶች (ብሬምነርና ባልደረቦቹ፣ 1995)፣ በኋላም 1868 ሰዎችን ባካተተ ትንተና (ሎግና ባልደረቦቹ፣ 2018) ታይቷል፤ ይሁንና ልዩነቱ በትልቁ ትንተና አነስተኛ ሆኗል። በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት (ጊልበርትሰንና ባልደረቦቹ፣ 2002) ማነሱ ቢያንስ በከፊል ከመከራው በፊት የነበረ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የአሚግዳላ መጠን ማስረጃ የደከመ ሲሆን፣ የሥራው ለውጥም በፒቲኤስዲ ብቻ የሚታይ አይደለም (ኤትኪንና ዌገር፣ 2007)። ይህ ጥናት የአንጎል ልኬት የለውም፤ ግኝቶቹ የቀረቡት የሕመሙን ምልክቶች ለመረዳት እንደ ዳራ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ይዘነጓታል፤ የፈታኙን ጥያቄ አስቀድማ የምትመልሰው ግን እሷ ናት።

ፈታኙ «እንግዲያው በኤም አር አይ ፒቲኤስዲን መለየት ይቻላል?» ቢለኝ ምን ልመልስ?

አይቻልም፤ ምክንያቱንም በቁጥር ማሳየት ይችላሉ። ልዩነቱ 0.17 ሲሆን፣ አንድ ታማሚና አንድ ጤነኛ በዕጣ አውጥተን ሂፖካምፐሳቸውን ብናነጻጽርና ይህንን መቶ ጊዜ ብንደግመው፣ የታማሚው የሚያንሰው 55 ጊዜ ያህል ነው፤ በቀሪው 45 ጊዜ የጤነኛው ያንሳል። ሳንቲም ብንጥል 50 ጊዜ እናገኝ ነበር። በአማካይ መለየትና አንድን ሰው መለየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ምርመራው ዛሬም በቃለ መጠይቅ ነው የሚደረገው።

ሂፖካምፐሱ በሕክምና ተመልሶ ያድጋል የሚል ጥናት አግኝቻለሁ። ይካተት?

የፈርሜተንና የባልደረቦቹ የ2003 ጥናት መሆን አለበት፤ ፓሮክሴቲን የተባለውን መድኃኒት ከ9 እስከ 12 ወር የወሰዱ ታካሚዎች ሂፖካምፐስ በአማካይ በ4.6 በመቶ ጨመረ፣ የማስታወስ ፈተና ውጤታቸውም ተሻሻለ። ይካተት፣ ነገር ግን ባዶ ክኒን የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን እንዳልነበረው ይጻፍ። መድኃኒቱ ድብርትንም ስለሚያክም፣ የተለወጠው የትኛው ሕመም እንደሆነም መለየት አይቻልም። ከመንትዮቹ ጥናት ጋር ይጋጫል ብለው አይጨነቁ፤ ከመከራው በፊት ትንሽ የነበረ አካልም በመድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

እነዚህ ሁሉ የተጠኑት ሌላ ቦታ ነው። ከጎንደር ተፈናቃዮች ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ተጠኚዎቹ እነማን እንደሆኑ ይጻፉና አንባቢው ርቀቱን ይለካ። በዚህ ገጽ ላይ የጠቀስኳቸው የሂፖካምፐስ ጥናቶች አብዛኞቹ ከአንድ ጦርነት በተመለሱ፣ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ በሰላማዊ ከተማ በተለኩ አሜሪካውያን ወንዶች ላይ የተደረጉ ናቸው። ተፈናቃይዋ እናት ግን መከራዋ ላያበቃ ይችላል፤ ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ፣ ነገ ወዴት እንደምትሄድ ያልተነገራት ልትሆን ትችላለች። «ድኅረ» የሚለው ቅድመ ቃል ራሱ ለእሷ በትክክል መስማማቱ ያጠያይቃል፤ በአይጦቹም ሂፖካምፐስ ላይ በቆመ ጭንቀትና በቀጠለ ጭንቀት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ እንደነበር አይተናል።

የሰውነት መጎዳትም አለ። በልጅነት የምግብ እጥረት፣ ረጅም ረኀብና ተደጋጋሚ በሽታ የአንጎል እድገትን በራሳቸው ሊነኩ ስለሚችሉ፣ ወደፊት በአካባቢያችን የአንጎል ምስል ጥናት ቢሠራ ማነጻጸሪያው ከዚያው ቀበሌ የመጣ፣ በተመሳሳይ ችግር ያደገና ያልታመመ ሰው መሆን ይኖርበታል። የአዲስ አበባ ተማሪዎችን ከዳባት ተፈናቃዮች ጋር ያነጻጸረ ጥናት የሚለካው ፒቲኤስዲን ሳይሆን ኑሮን ነው።